ከጉዳቱ በኋላ ያሉት ሦስት ግጥሚያዎች

ማይሙና ከግጥሚያ በፊት ወንድሟን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ስንት ነኝ?»

ኒዛርም ይነግራት ነበር። አንድ ጊዜ «ከመቶ ሠላሳ አንድ ነሽ» ብሏት፣ እየሳቀች ሜዳ ገብታ አሸንፋ ወጥታለች። ሌላ ጊዜ «ሰማንያ» ብሏት ተሸንፋለች። በመኪና ሲመለሱ አንድም ቀን «ተሳስተሃል» አላለችውም። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሰማንያ ማለት አምስት ጊዜ ብትጫወቺ አንዱን ትሸነፊያለሽ ማለት ነው፤ ያ አንዱ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

«እማ ታባብለኛለች፤ ኮች ያደፋፍረኛል» ትል ነበር። «አንተ ግን ትነግረኛለህ።»

ወንድምና እህቱ የተወለዱትም ያደጉትም ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ነው። አያታቸው ከድሬዳዋ ጨርቅ ጭነው የመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ ሱቁን ዛሬ የሚያስተዳድሩት እናታቸው ወይዘሮ ራህመት ናቸው። ቤት ውስጥ አማርኛ ይናገራሉ፤ በር ላይ ሶማልኛ፤ መሥሪያ ቤት ፈረንሳይኛ። ኒዛር ወደብ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ተቀጥሯል። ስታትስቲክስ ተምሮ ሲያበቃ ያገኘው ሥራ የኮንቴይነር መግቢያና መውጫ መመዝገብ ነው፤ ትምህርቱን የሚጠቀምበት እህቱ ስትጫወት ብቻ ነው። ሄሮን ሰፈር ባለው የቴኒስ ክለብ፣ ሜዳው ዳር ባለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ እያንዳንዷን ነጥብ በስልኩ ይመዘግባል። የእሷን ብቻ አይደለም፤ በከተማው የሚጫወቱትን ሴቶች ሁሉ። ብዙ አይደሉም፤ ሁሉንም ያውቃቸዋል።

ስሌቱ ለሚሰማው ሰው ከባድ አይደለም። በቴኒስ ነጥብ ሁሉ የሚጀምረው በሰርቭ፣ ኳሱን በሚያስጀምረው የመጀመሪያ ምት፣ ነው። እንግዲህ ስለ አንድ ተጫዋች ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ ራሷ ሰርቭ ስታደርግ ከመቶ ነጥብ ስንቱን ታሸንፋለች? ሌላዋ ሰርቭ ስታደርግ፣ መልሳ እየመታች ስንቱን ትቀማለች? ኒዛር በከተማው ሴቶች መካከል ያገኘው አማካይ በሰርቭ ሃምሳ አራት፣ በመልስ አርባ ስድስት ነው። ሁለቱ ተደምረው መቶ ይሞላሉ፤ አንዷ ያገኘችው ሌላዋ ያጣችው ነውና። ከዚያ የአንዷ ሰርቭ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበልጥ ያይና፣ የተጋጣሚዋ መልስ ከአማካዩ የሚበልጥበትን ይቀንስበታል። የወጣው ቁጥር በሃምሳ አራቱ ላይ ሲጨመር፣ በዚያች ተጋጣሚ ላይ በሰርቭ የሚጠበቅባት ነው። ለሁለቱም ይህንኑ ካደረገ በኋላ ከነጥብ ወደ ጌም፣ ከጌም በስድስት ጌም ወደሚወሰነው ዙር፣ ከዙር ወደ ግጥሚያ ያሳድገዋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሰውን የሚያስደንቀው። በነጥብ ላይ ኢምንት የሚመስል ልዩነት ወደ ላይ ሲወጣ ይገዝፋል። በሰርቩ ከመቶ ሃምሳ ሰባት ነጥብ የሚያሸንፍ ሰው ከመቶ የሰርቭ ጌሞቹ ስልሳ ሰባቱን ያሸንፋል። ወደ አርባ ዘጠኝ ከወረደ ግን ከግማሽ በላይ የራሱን ጌም ይነጠቃል።

የማይሙና ሰርቭ በከተማው ውስጥ አቻ አልነበረውም። ረጅም ናት፤ ኳሷን ወደ ላይ ስትጥል ሰውነቷ እንደ ቀስት ይደገንና ይለቀቃል። አሰልጣኟ ሶሬሳ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ለክለብ የተጫወተ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰርቭ በተፈጥሮ የሚሰጥ እንጂ የሚማሩት አይደለም ይል ነበር። በተጎዳችበት ዓመት መጀመሪያ ሰባት ግጥሚያ ተጫውታ በሰርቯ ከመቶ ስልሳ አንድ ነጥብ አሸነፈች። ከዚያ በልምምድ ላይ ሳለች የቀኝ ትከሻዋ ቀጭ አለ። ሙቀቱ በርትቶ ሰው ሁሉ ወደ ድሬዳዋ ሲሸሽ እሷ ቤት ውስጥ ትከሻዋ ላይ በረዶ አስራ ከረመች።

ስትመለስ ሦስት ግጥሚያ አደረገች። ሁለቱን ተሸነፈች፤ አንዱን ከደካማ ተጋጣሚ ጋር አሸነፈች። በሰርቭ ያገኘችው ሃምሳ ብቻ ነበር። መልስ ላይ ግን ምንም አልተለወጠችም፤ እንደ ድሮው አርባ ሰባት። መልስ ለመምታት ክንድ ከራስ በላይ አይነሣማ።

የመጨረሻው ማጣሪያ የተወሰነው ታኅሣሥ ላይ፣ አየሩ ሲበርድ ነው። ናይሮቢ ለሚደረገው የምሥራቅ አፍሪቃ ውድድር ከሴቶች አንዷ ብቻ ትሄዳለች። ማይሙና ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ሁለት ጊዜ እዚህ ደርሳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች፤ የሀገሯ ስም የተጻፈበት ማሊያ ለብሳ አንድም ቀን አልተጫወተችም። የዘንድሮዋ ተጋጣሚዋ ኢማን የምትባል የካርቲየ 5 ልጅ ናት፤ ገና ሃያ ዓመቷ፤ ዝምተኛ፤ እግሯ ፈጣን። በሰርቭ ሃምሳ ስድስት፣ በመልስ አርባ ሰባት።

ከግጥሚያው በፊት በነበረው ቀን፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ በገባበት ሰዓት፣ ኒዛር ላፕቶፑን ይዞ ሱቁ ጀርባ ተቀመጠ። ወይዘሮ ራህመት የጨርቅ ጥቅል እየመለሱ፣

«ምሳዋን ሳትነካው ተነሣች» አሉት። «ትናንትም እንዲሁ። ልጄን ፍርሃት ይዟታል።»

«ያልፍላታል እማ።»

«አንተ የምትላትን ነው የምታምነው። ደግ ነገር ንገራት። እኔ ብነግራት እናትነት ነው ትለኛለች።»

ላፕቶፑን ከፈተ። ስሌቱን ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ሦስት ግጥሚያዎች ሠራው። የማይሙና ሰርቭ በኢማን ላይ አርባ ዘጠኝ፤ የኢማን ሰርቭ በማይሙና ላይ ሃምሳ አምስት። ግጥሚያውን የማሸነፍ ዕድል፣ ከመቶ ሃያ አራት።

ቁጥሩን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ፣ ሦስት ግጥሚያ ትንሽ ነው ብሎ አሰበ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ማንኛውም አስተማሪ የሚለው ነው። ናሙናው ካነሰ ዕድል ያታልላል። ስለዚህ የዓመቱን ግጥሚያ ሁሉ ከተተው፤ ሰባቱን የድሮዎቹንም፣ ሦስቱን የአሁኖቹንም። ሰርቯ ሃምሳ ስምንት ሆነ። በኢማን ላይ ሲሰላ ሃምሳ ሰባት በሃምሳ አምስት። ስልሳ።

ከሰርቭ ላይ አሥራ አንድ ነጥብ በአንድ ጊዜ መውረዱ የናሙና ማነስ እንዳልሆነ ኒዛር ያውቃል። ትከሻ ነው። የሌላ ሰው እህት ብትሆን፣ ቢሮ ውስጥ ቢጠየቅ፣ ድሮዎቹን ሰባቱን እንደ ሌላ ሰው ቁጥር ቆጥሮ ይጥላቸው ነበር። ላፕቶፑን ዘጋው። እናቱ ጥቅሉን ደርድረው ጨርሰው ወደ እሱ እያዩ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ቀዝቀዝ ይላል። ማይሙና አጥሩ ስር ቆማ ትከሻዋን በላስቲክ እየሳበች ታሟሙቃለች፤ ሶሬሳ የኳስ ቅርጫቱን ይዞ አጠገቧ ነው።

«ስንት ነኝ?» አለችው ኒዛርን፤ ፊቷን ሳታዞር።

«ስልሳ።»

ዞረች። አየችው። እንዲያው ለቅጽበት፣ ሕፃን ሳለች ከትምህርት ቤት ውጤት ይዛ ስትመጣ የነበረው ፊቷ መጣ።

«ወላሂ?»

«ስልሳ ነሽ አልኩሽ እኮ።»

ወደ አሰልጣኟ ዞረች። «ሰማህ ኮች? አቦ ተወኝ በቃ። የራሴን ሰርቭ ነው የምመታው።»

ኒዛር ምን እንደምትል አልገባውም። «ምኑን ነው የሚተውሽ?»

«ትከሻዋን ፈርቼ ነበር» አለው ሶሬሳ። «ሳምንቱን ሙሉ ለብቻ ሌላ ነገር ስንለማመድ ነበር። ሰርቩን በግማሽ ኃይል፣ በሽክርክር እያነሣች እንድታስገባ ብቻ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቆማ በምልልስ እንድታደክማት። መልሷ እንደ ድሮው ነው፤ ከኢማን ጋር በምልልስ አታንስም። እሷ ግን፣ ኒዛር የሚለውን ሳልሰማ አልወስንም አለች። ከሃምሳ በታች ከሆንኩ ያንተን እጫወታለሁ፣ ከሃምሳ በላይ ከሆንኩ የራሴን፤ እንዲህ ነው ያለችኝ።»

ኒዛር መናገር የሚችለው ያኔ ነበር። «ሙና፣ ቆይ» ማለት፤ «ያኛው የዓመቱ ነው፣ ያሁኑ ሌላ ነው» ማለት። ዳኛው ሳንቲሙን ይዞ ወደ መረቡ እየሄደ ነው። ማይሙና ራኬቷን አንሥታ፣ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ ቆማለች። ያን ፈገግታ ከፊቷ ላይ የሚያወርድ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሶሬሳ እንኳ በልቡ ያላመነ መስሎ ጥቂት ጠበቀው፤ ኒዛር ዝም ሲል ትከሻውን ነቅንቆ ቅርጫቱን አነሣ።

ዕጣው ለማይሙና ወጣ። ሰርቭ መረጠች።

የመጀመሪያው ዙር ለሚያየው ሰው ደስ የሚል ነበር። ሰርቯ እንደ ድሮው መሬቱን ገርፎ ያልፋል፤ ኢማን ራኬቷን ዘርግታ ትቀራለች። ደረጃው ላይ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ «ማሻአላህ» ሲል ተሰማ። ኒዛር ይቆጥራል። በሰርቯ ከመቶ ስልሳ ሁለት። ዙሩን ስድስት ለአራት ወሰደች። በልቡ፣ «እንግዲህ እኔ ነበርኩ ልክ፤ ሦስቱ ግጥሚያ ነው የዋሸኝ» አለ። አላህንም አመሰገነ።

በሁለተኛው ዙር ሦስተኛ ጌም ላይ አንድ ሰርቭ ከመታች በኋላ ቀኝ እጇን እንደ እርጥብ ልብስ አራገፈችው። ሌላ ሰው አላየም ይሆናል። የሚቀጥለው የመጀመሪያ ሰርቯ መረብ ውስጥ ገባ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመስመር ወጣ፤ ነጥቡን በነፃ ሰጠች። ከዚያ በኋላ ያገኘችው ሁሉ በመልስ ነው። ኢማን ሰርቭ ስታደርግ ማይሙና እንደ ድሮዋ ናት፤ ትደርሳለች፣ ትመልሳለች፣ ታስሮጣታለች። ራሷ ሰርቭ የምታደርግበት ተራ ሲመጣ ግን ሁሉ ይፈርሳል። ዝግ ብላ እንደማስገባት አሁንም በሙሉ ኃይሏ ትመታለች። በልቧ ስልሳ ናት። ስልሳ የሆነ ሰው እንዲህ አይሸነፍም፤ እንግዲህ በደንብ ስላልመታች ነው። አሁንም ጨምራ ትመታለች።

ሁለት ለስድስት። ኒዛር ሰርቯን ቆጠረው፤ አርባ አንድ።

በሦስተኛው ዙር ሶሬሳ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሁለት መዳፎቹን ወደ ታች አደረገ፤ ዝግ በይ ማለቱ ነው። አላየችውም፤ ወይም አላየሁም አለች። አንድ ለሦስት እየተመራች ሳለ ኳሷን ወደ ላይ ጣለች፤ ሰውነቷ ተደገነ፤ ሲለቀቅ ከትከሻዋ የወጣውን ድምፅ ኒዛር ደረጃው ላይ ሆኖ የሰማው መሰለው። ራኬቷ ከእጇ ወድቆ መሬቱ ላይ ተንሸራተተ። እሷ አልወደቀችም። ግራ እጇን ቀኝ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ቆመች።

ዳኛው ወረደ። «ታቆሚያለሽ?» ብሎ በፈረንሳይኛ ጠየቃት።

«ኖን፣ አላቆምም» አለችው።

ራኬቷን አነሣች። ከዚያ ወዲያ ቀኝ ክንዷ ከወገቧ በላይ አልተነሣም። ኳሷን ከታች፣ እንደ ሕፃን ጨዋታ፣ ከጉልበቷ ላይ እየገፋች ሰርቭ አደረገች። ሕጉ ይፈቅዳል። ኢማን የመጀመሪያዋን ስትቀበል ግራ ገብቷት መረብ ላይ ጣለችው፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ፊት ቀረብ ብላ ኳሶቹን አንድ በአንድ ትመታ ጀመር። እየመታች ፊቷ ይቀላል፤ የማይሙናን ዓይን አታይም። አንድ ለስድስት አለቀ። መረቡ ላይ ሲጨባበጡ ማይሙና ግራ እጇን ሰጠቻት።

ሆስፒታል የተቀበላት ሐኪም ምስሉን ካየ በኋላ ጅማቱ ተበጥሷል አለ። አስቀድሞ የሳሳ ነበር፤ በዝግታ ቢያዝ ኖሮ ለዓመታት ያገለግላት ነበር። አሁን ይሰፋል፤ ለዕለት ሥራ ይሆናታል፤ ክንድን ከራስ በላይ አንሥቶ መምታት ግን ትርሳው አለ። ወይዘሮ ራህመት ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ኒዛር ብቻውን ወደ እሷ ገባ።

ማይሙና ጣሪያውን እያየች ነበር። ክንዷ ደረቷ ላይ ታስሯል።

«ኒዛር» አለችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሦስቱን ብቻ ብትወስድ ስንት ይመጣል?»

«የቱን ሦስት?»

«ታውቃለህ የቱን። ከጉዳቱ በኋላ ያሉትን።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሙና፣ ሦስት ግጥሚያ እኮ…»

«ስንት?»

«ሃያ አራት።»

ዓይኗን ጨፈነች።

«ሠርተኸው ነበር? ወይስ አሁን ነው የገመትከው?»

«ሠርቼው ነበር።»

«ከስልሳው በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት።»

«አሃ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት በቀለለው ነበር። «በሁለተኛው ዙር ላይ ገባኝ። ስልሳ የሆነ ሰው ሰርቩ እንዲህ አይሰማውም። ግን አንተ አትዋሸኝም። ኒዛር አይዋሸኝም፣ ስለዚህ የሚዋሸኝ ትከሻዬ ነው አልኩ። ትከሻዬን መታሁት።»

«እንድትደሰቺ ብዬ ነው። ምግብ እምቢ ብለሽ…»

«ደስ የሚያሰኘኝ ሰው ሞልቶኝ ነበር» አለችው። «አንተን የጠየቅኩህ ሁሉም ስለሚያስደስተኝ ነው። ሃያ አራት ብትለኝ አለቅስ ነበር፤ ከዚያ የኮችን እጫወት ነበር። ልሸነፍ እችል ነበር። ግን እኔ ነኝ የምሸነፈው። ዛሬ ማን እንደተሸነፈ እንኳ አላውቅም።»

ኒዛር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ይቅር በይኝ አላት። «እሺ» አለችው፤ ልክ ሰው ውሃ ይምጣልሽ ሲላት እንደምትለው። ከዚያ እናቷን እንዲጠራላት ለመነችው።

ቤት ከተመለሰች በኋላ አልተጣሉም። መጣላት ቢሆን ይታረቁ ነበር። ዳቦ መጥቷል ወይ፣ መብራት መጥቷል ወይ፣ ለእማ መድኃኒት ተገዝቷል ወይ ትለዋለች። ፀጉሯን ራሷ ማበጠር ስለማትችል እናቷ ያበጥሩላታል፤ ሻሿንም እሳቸው ያስሩላታል። አንድ ጠዋት እሳቸው ሱቅ ወርደው ኒዛር «እኔ ልሰርልሽ» ሲላት፣ «አይ፣ እማ እስክትመጣ እጠብቃለሁ» ብላው ፀጉሯን በትና እስከ ቀትር ተቀመጠች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሶሬሳ ቢሮው ድረስ መጣ። ከኢማን ጋር ናይሮቢ እንዲሄድ ተመርጧል። «የመጀመሪያዋ ተጋጣሚዋ ማን እንደሆነች ታውቋል፤ የግጥሚያዎቿ ቪዲዮ አለኝ» አለው። «ቁጥሯን ሥራላት።»

«እኔ ይህን ነገር ትቼዋለሁ።»

«ልጅቷ ራሷ ናት የጠየቀችህ።»

ኒዛር ቤት ሄዶ ለማይሙና ነገራት። ፈቃድ መጠየቁ ይሁን ሌላ ነገር፣ እሱም አያውቀውም። በረንዳው ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ባቄላ ትፈለፍል ነበር።

«ሥራላት» አለችው።

«ደስ ካላለሽ…»

«ሥራላት አልኩህ። ለእሷ እውነቱን መናገር አይከብድህም። እህትህ አይደለችም።»

ሠራው። ኢማን ከአሁን በፊት ካጋጠሟት ሁሉ የናይሮቢዋ ተጋጣሚዋ ትበልጣለች፤ በተለይ መልሷ ጨካኝ ነው። የኢማን ሁለተኛ ሰርቭ ለእሷ ቁርስ ነው። ከመቶ አሥራ ስምንት ወጣ። ኢማን ክለቡ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሰማው ዓይኗ እንባ ሞላ። ኒዛር ቁጥሩን አላለሰለሰውም። ሲጨርስ ግን ይህንንም አላት፤ «ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ እንደተጫወትሽው ከተጫወትሽ ነው። ሌላ ከተጫወትሽ ሌላ ነው። የመጀመሪያ ሰርቭሽን ኃይል ቀንሰሽ ብዙውን ካስገባሽ ሁለተኛውን አታይብሽም። ምን ያህል እንደሚጨምርልሽ ልነግርሽ አልችልም፤ አልተጫወትሽውማ።»

«መርሲ» ብላ አመሰገነችው፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ።

በናይሮቢ የመጀመሪያውን ግጥሚያ በሦስት ዙር አሸነፈች። በማግስቱ በሌላዋ ተሸነፈች፤ ያ ግን ማንንም አላሳዘነም። የከተማው ሰው የመጀመሪያውን ነው ያወራው።

ከተመለሰች በኋላ በአንድ የዓርብ ከሰዓት ኢማን ማይሙናን ልትጠይቅ ካርቲየ 6 መጣች። ማሊያዋን ለብሳ አልመጣችም፤ ማይሙናን እንዳይከፋት ማሰቧ ነው። ከናይሮቢ ያመጣችውን የሻይ ቅጠል ለወይዘሮ ራህመት ሰጠች፤ ከዚያ ማይሙና አጠገብ እግሯን ሰብስባ ተቀመጠች። ኒዛር በሩ አጠገብ ቆሟል።

«እቴ፣ ትከሻሽ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። ጨዋታው እንዴት ነበር?»

ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ፈራች፤ ከዚያ ደስታዋ አሸነፋት። ሜዳው፣ ሰዉ፣ መዝሙሩ፣ ሁሉንም ተናገረች። «ግን ወላሂ ኒዛር ነው ያዳነኝ» አለች። «እውነቱን ነገረኝ። እያለቀስኩ ነው የሰማሁት። ከዚያ ከኮች ሶሬሳ ጋር ሰርቩን ዝግ አድርገን ተለማመድነው። ባይነግረኝ እንደ ልማዴ ገብቼ በአንድ ሰዓት ነበር የምወጣው። እድለኛ ነሽ፤ እንዲህ ያለ ሰው ቤትሽ አለ።»

ማይሙና ፈገግ አለችላት። በግራ እጇ ሻይ ጨመረችላት፤ ጥቂት ፈሰሰ። ኒዛር ጨርቅ ሊያመጣ ሲል ቀድማው በጉልበቷ ላይ ባለው ሻሽ ጠረገችው። ስለ አዲሶቹ ማሊያዎች ቀለም ጠየቀቻት፤ ስለ ሆቴሉ ምግብ ጠየቀቻት። ኢማን ስትነሣ በር ድረስ ሸኘቻት፤ ሳመቻትም።

ስትመለስ ኒዛር ከቆመበት አልተነቃነቀም ነበር።

«ስንት ነበር ያልካት?» አለችው።

«አሥራ ስምንት።»

ማይሙና ወደ ብርጭቆዎቹ ጎንበስ አለች።

«ከእኔ ያንሳል» አለች።

«አዎ።»

ሌላ ነገር ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። ብርጭቆዎቹን በአንድ እጇ አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ኩሽና ወሰደቻቸው፤ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ እየተመላለሰች። እርዳታ አልጠየቀችም፤ እሱም ልርዳሽ ማለት አልደፈረም።